ጦሳ በመስታወቱ ላይ፦ ከርተን ዎልን ባዶ መስታወት ሳያስመስሉ ሬንደር ማድረግ

ደሴ ውስጥ ለሚሠራ አንድ ጂ+7 ሕንፃ ምስሎቹን ጨርሼ ለባለቤቱ ይዤ ሄድኩ። ሐጂ ረጋ ብለው አዩት። የሕንፃው ፊት ሙሉ በሙሉ ከርተን ዎል ነው። እኔ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ወጥ ሰማያዊ አድርጌዋለሁ፤ ታች በኩል ብቻ ቀጠን ያለ አረንጓዴ መስመር ይታያል። ሐጂ መነጽራቸውን ጠረጉና ጣታቸውን መስመሩ ላይ አሳረፉ።

«ልጄ፣ ይሄ ዛፍ የት አገር ነው የበቀለው?»

ቀርቤ ሳየው የጥድ ጫካ ነው። ከኢንተርኔት ባወረድኩት የሰማይ ፎቶ ውስጥ የነበረ፣ የአውሮፓ ጥድ። ሐጂ ቀጠሉ፦ «የእኔ ሕንፃ ፊቱን የሰጠው ለጦሳ ተራራ ነው። ጦሳን የት አደረስከው?»

መልስ አልነበረኝም። ቤት ገብቼ ሥራውን ከዜሮ ጀመርኩ። ከዚህ በታች የጻፍኩት ሁለተኛው ዙር እንዴት እንደተሠራ ነው። የሠራሁት በብሌንደር፣ በ`Cycles` ነው። በቪሬይ ወይም በኮሮና የምትሠሩም ሐሳቡን እንዳለ መውሰድ ትችላላችሁ፤ የሚለየው የቁልፎቹ ስም ነው።

በነገራችን ላይ ችግሩ ከቋንቋችንም ሳይጀምር አይቀርም። እኛ የመስኮቱንም የመልክ ማያውንም «መስታወት» ነው የምንለው። ሬንደር ስናደርግም ሁለቱን እናምታታለን።

መስታወቱ የሚያየው ምንድን ነው?

ከርተን ዎል ባዶ የሚሆንበት ዋናው ምክንያት ማቴሪያሉ አይደለም። ከካሜራው ጀርባ ምንም ስለሌለ ነው። መስታወቱ የሚያሳየው ከእናንተ በስተኋላ ያለውን ነው። እናንተ ሕንፃውን ብቻ ሞዴል አድርጋችሁ ከሆነ መስታወቱ የሚያየው ባዶ ሜዳና ሰማይ ነው። ያየውን ነው የሚያሳየው፤ ምን ያድርግ?

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ማቴሪያል መነካካት አይደለም። ቁጭ ብሎ መስታወቱ ምን እንደሚያይ ማስላት ነው። የሐጂን ሕንፃ ልውሰድ። የቆመው በዋናው መንገድ ምሥራቃዊ ጎን ነው፣ ፊቱ ወደ ምዕራብ። ወርዱ 18 ሜትር፣ ቁመቱ 28 ሜትር። ከመንገዱ ማዶ ያሉት ቤቶች ከመስታወቱ 24 ሜትር ይርቃሉ፤ ቁመታቸው 10 ሜትር ገደማ ነው። ከእነሱ በላይ ጦሳ አለ። በስልኬ የዲግሪ መለኪያ ስለካው የተራራው ጫፍ ከዓይን መስመር 14 ዲግሪ ከፍ ይላል።

ካሜራዬ በሰው ዓይን ከፍታ፣ 1.6 ሜትር ላይ ነው። ከመስታወቱ 20 ሜትር ይርቃል። የማዶው ቤት ጣሪያ መስታወቱ ላይ ስንት ሜትር ላይ ነው የሚታየው? ብርሃን በመጣበት ማዕዘን ስለሚመለስ ስሌቱ ቀላል ነው፦

```
h = (T*d + e*D) / (d + D)
```

`T` የማዶው ቤት ቁመት ነው፣ `d` የካሜራው ርቀት ከመስታወቱ፣ `e` የካሜራው ከፍታ፣ `D` የማዶው ቤት ርቀት ከመስታወቱ። ቁጥሮቹን ስናስገባ 238.4 ለ 44 ይካፈላል፤ 5.4 ሜትር ይመጣል። ይህ ማለት የማዶው ቤት የሚታየው ምድር ቤቱና አንደኛው ፎቅ ላይ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ የለም።

ጦሳስ? ተራራው ሩቅ ስለሆነ ስሌቱ ይቀላል። ካሜራው ከመስታወቱ ያለውን ርቀት በ14 ዲግሪ ታንጀንት፣ ማለትም በ0.249 አባዝቼ 1.6 እጨምራለሁ። 6.6 ሜትር ይሆናል። እንግዲህ ተራራው የሚታየው ከ5.4 እስከ 6.6 ሜትር ባለው ቦታ ላይ ነው። 1.2 ሜትር ብቻ! ፊት ለፊት ቆሜ ካነሳሁት ሐጂ ጦሳቸውን በቅጡ አያዩትም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው ካሜራውን ወደ ጎን ያወጣሁት። ከመስታወቱ የ20 ሜትር ርቀቱን ጠብቄ፣ ከሕንፃው ግራ ጠርዝ 15 ሜትር ወደ ግራ። አሁን ካሜራው እስከ ግራው ጠርዝ ያለው ርቀት 25 ሜትር ነው፣ እስከ ቀኙ ጠርዝ ደግሞ 38.6። ያው ስሌት ጦሳን ግራው ላይ እስከ 7.8 ሜትር፣ ቀኙ ላይ እስከ 11.2 ሜትር ያደርሰዋል። የማዶው ቤት ግን እዚያው 5.4 ላይ ይቆያል፤ እሱን የሚወስነው ቀጥታ ርቀቱ ነው። ተራራው ከግራ ወደ ቀኝ እየሰፋ የሚሄድ ቅርጽ ያዘ። ምስሉን ያዳነው ይሄ ነው።

ወደ ጎን መውጣት አንድ ሌላ ነገርም ይቀይራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ካሜራው ከግራ ሲያይ መስታወቱ የሚያሳየው በቀኝ በኩል ያለውን ነው። ስሌቱን በወለል ፕላን ላይ ሥሩት። ግራው ጠርዝ ላይ ያረፈው እይታ ማዶ ሲደርስ 18 ሜትር ወደ ቀኝ ሄዷል። ይህ ማለት ልክ የሕንፃው ቀኝ ጠርዝ ትይዩ ነው። ቀኙ ጠርዝ ላይ ያረፈው ደግሞ ከዚያ 40 ሜትር ገደማ አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ ትክክል ፊት ለፊት ያለው ቤት መስታወቱ ላይ በጭራሽ አይታይም! እኔ መጀመሪያ አንድ ቀን ሙሉ የፈጀሁት እሱን ቤት ሞዴል ሳደርግ ነበር። የሚያስፈልገኝ ከሱ በስተቀኝ ያሉት ሦስት ቤቶች ነበሩ።

ሂሳብ የሰለቸው ሌላ ዘዴ አለው። ጊዜያዊ ካሜራ መስታወቱ ላይ ለጥፉና ወደ ውጭ አዙሩት። አንዱን 4 ሜትር ላይ፣ አንዱን 12 ላይ፣ አንዱን 24 ላይ። ዋናው ካሜራ ከግራ የሚያይ ከሆነ ጊዜያዊዎቹን ወደ ቀኝ አዙሯቸው። እዚያ ያያችሁት ባዶነት ሬንደሩ ላይም ያው ባዶነት ሆኖ ይመጣል።

ሰዓቱን መምረጥ

ነጸብራቅ ጥሩ የሚሆነው መስታወቱ ፀሐይ ሲመታው ሳይሆን ማዶው ፀሐይ ሲመታው ነው። የሐጂ ሕንፃ ወደ ምዕራብ ስለሚያይ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ፊቱ ላይ ታርፋለች። ያን ጊዜ የማዶ ቤቶች ወደ እኛ ያለው ጎናቸው ጥላ ነው። ጦሳም ፀሐይ ከጀርባው ስላለች ጥቁር ግንብ ይመስላል። ጠዋት ግን ተቃራኒው ነው። ፀሐይ ከሕንፃው ጀርባ ትመጣለች፣ የማዶው ግድግዳና የተራራው ፊት ይበራሉ፣ መስታወቱ ራሱ ጥላ ውስጥ ሆኖ የበራውን ያሳያል።

ግን በጣም ማለዳም አይሆንም። የእኛው ሕንፃ ረጅም ነው፣ ጥላው ማዶ ላይ ያርፋል። በመጋቢት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል አካባቢ ጥላው መንገዱን ተሻግሮ የማዶ ቤቶችን እስከ 4 ሜትር ተኩል ከፍታ ይሸፍናል። ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ 4 ሰዓት ተኩል ላይ፣ የጥላው ርዝመት ወደ 17 ሜትር ይወርዳል። መንገዱ ላይ ይቀራል ማለት ነው። የማዶው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ይበራል። እኔ የመረጥኩት ይሄን ሰዓት ነው። ጥላው አስፋልቱ ላይ መቅረቱም ለምስሉ መልካም ነው።

የእናንተ ሕንፃ ወደ ምሥራቅ የሚያይ ከሆነ ሁሉንም ገልብጡት፤ ሰዓታችሁ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው።

ሰማዩ

ለሰማይ የምጠቀመው ኤችዲአርአይ ነው። ብሌንደር `Sky Texture` የሚባል የራሱ ሰማይ አለው፤ ለቀን ብርሃን ግሩም ነው፣ ግን ደመና የለውም። ደመና የሌለው ሰማይ ትልቅ መስታወት ላይ ሲያርፍ ያው ወጥ ሰማያዊ ነው፤ ተመልሰን ሐጂ ዘንድ መሄዳችን ነው። መጋቢት ወሎ ላይ የበልግ ወር ስለሆነ የተበታተነ ነጭ ደመና ለቦታውም እውነት ነው።

ፋይል ስትመርጡ ሁለት ነገር ተመልከቱ። አንደኛ፣ አድማሱ ላይ ምንም የሌለበትን ውሰዱ። Poly Haven ላይ `Pure Sky` የሚል ቃል ያለባቸው በነጻ የሚገኙ ሰማዮች አሉ። ታችኛው ግማሻቸው ስለተጸዳ ጥድም ሆነ የአውሮፓ ቤት አይከተላችሁም። ሁለተኛ፣ የፋይሉ ስፋት ነው። 2K የሚባለው ፋይል ለእያንዳንዱ ዲግሪ 6 ፒክሰል እንኳ አይደርስም። 1920 ፒክሰል ስፋት ያለው፣ 50 ዲግሪ የሚያይ ሬንደር ግን ለአንድ ዲግሪ 38 ፒክሰል ይፈልጋል። ስለዚህ ደመናው ታጥቦ የደረቀ ቲሸርት ይመስላል። 8K ውሰዱ። ደመና ለስላሳ ስለሆነ ከዚያ በላይ ብዙም አያስፈልግም።

ፋይሉን `World` ውስጥ `Environment Texture` ላይ ጫኑት። ከፊቱ `Mapping` አስገቡ፣ የ`Texture Coordinate`ን `Generated` ወደ `Mapping` `Vector` አገናኙና `Rotation` `Z`ን እያዞራችሁ የሕንፃችሁ ጥላ ወደ ምዕራብ እስኪወድቅ ድረስ አስተካክሉ። የጥላው ርዝመት ካልገጠመ የፀሐይዋ ከፍታ ሌላ የሆነ ፋይል ፈልጉ። ፋይሉ ውስጥ ያለችውን ፀሐይ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ለማንቀሳቀስ አትሞክሩ፤ አድማሱ ይጋደላል።

አንድ የሚጠበቅ ነገር ልጥቀስ። በእኔ ምስል የመስታወቱ ላይኛ ጠርዝ የሚያሳየው ከአድማስ 34 እስከ 47 ዲግሪ ከፍ ያለውን ሰማይ ነው። ዝቅ ያሉት ፎቆች ግን ወደ አድማስ የቀረበውን ያሳያሉ። ከፍ ያለው ሰማይ ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ የአድማሱ ነጣ ያለ ነው። ስለዚህ መስታወቱ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር መጥቆር አለበት። ተቃራኒውን ካያችሁ ሰማዩ ተገልብጧል፣ ወይም አንድ ሰው በፎቶሾፕ ከላይ ነጭ ቀብቶበታል።

ጎረቤቶቹና ተራራው

ጎረቤት ቤቶችን በሙሉ ዝርዝር ሞዴል አታድርጉ። ነጸብራቃቸው ከካሜራው የሚታየው ከ44 ሜትር በላይ ርቆ ነው፤ ወደ መስታወቱ ሄዶ ወደ ማዶ የሚመለሰውን መንገድ አብራችሁ ቁጠሩት። ሳጥን ይበቃል። ሳጥኑ ላይ ግን እውነተኛ ፎቶ ለጥፉበት።

ቦታው ድረስ ሄዳችሁ ጀርባችሁን ለግንባታው ሰጥታችሁ ማዶውን አንሱ። በመረጣችሁት ሰዓት አንሱ፤ ብርሃኑ ከሬንደሩ ጋር አይጣላም። ፎቶውን አቅንታችሁ ሳጥኑ ላይ ካስቀመጣችሁ በኋላ ሦስት ነገር ብቻ በሞዴል ጨምሩ፦ ወጣ ያለ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የሱቆቹ የፀሐይ መከላከያ፣ የመብራት ምሰሶ ከነሽቦው። በተለይ ሽቦው። ቀጭን ጥቁር መስመር መስታወቱ ላይ ሲሄድ ዓይን ወዲያው ያምናል። ለምን እንደሆነ በኋላ ታዩታላችሁ።

ጦሳን በሞዴል መሥራት አያስፈልግም። ከጣሪያ ላይ ያነሳሁትን ፎቶ ሰማዩን ቆርጬ አወጣሁና ጎበጥ ያለ ትልቅ ሰሌዳ ላይ ለጠፍኩት። ሰሌዳውን 600 ሜትር ላይ አቆምኩ። 14 ዲግሪ እንዲሆን ጫፉ ከዓይን መስመር 150 ሜትር ገደማ ከፍ ማለት አለበት። ማቴሪያሉ `Emission` ነው፣ ጥንካሬው የማዶውን ግድግዳ ብርሃን እስኪመስል ተስተካክሎ። ከዚያ `Object Properties` ውስጥ `Visibility`፣ `Ray Visibility` ሥር ገብቼ `Glossy` ብቻ እንዲቀር አደረግኩ። `Shadow` እና `Diffuse` ካልጠፉ ተራራው ራሱ መብራት ሆኖ መንገዱን አረንጓዴ ያደርገዋል። አንዴ ደርሶብኛል። አስፋልቱ ሣር መሰለ።

የማዶ ቤቶች ካሜራችሁን የሚጋርዱ ከሆነ ከእነሱ ላይ `Camera` የሚለውን ብቻ አጥፉ። ከምስሉ ይወጣሉ፣ መስታወቱ ግን ያያቸዋል።

ኮምቦልቻ ላይ ስትሠሩ ነገሩ ትንሽ ይለያል። ቦታው ሜዳማ ነው፣ የፋብሪካ ግቢዎች ሰፊ ናቸው፣ ጎረቤት ዝቅ ብሎ ራቅ ይላል። ያን ጊዜ መስታወቱን የሚሞላው ሰማይ ስለሆነ ደመናው ላይ የበለጠ ጊዜ አጥፉ፤ ታች በኩል ደግሞ አጥር፣ ዛፍና የቆመ የጭነት መኪና ያስፈልጋል።

ማቴሪያሉ

ለከርተን ዎል `Glass BSDF` አልጠቀምም። በሱ በኩል የፀሐይ ብርሃን ክፍል ውስጥ በቀላሉ አይገባም፤ ውስጡ ጨለማ ይሆናል፣ ጨለማ ላይ ያረፈ ነጸብራቅ ደግሞ ንጹህ የመልክ ማያ ነው። እኔ የምሠራው በሁለት ነገር ድብልቅ ነው። `Transparent BSDF` እና `Glossy BSDF` በ`Mix Shader` ይገናኛሉ። ላይኛው ሶኬት `Transparent`፣ ታችኛው `Glossy`። የ`Glossy` `Roughness` 0 ነው። የ`Transparent` ቀለም የመስታወቱ ቀለም ነው፤ ለሐጂ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ግራጫ አደረግኩት።

ድብልቁን የሚወስነው ቁጥር ዋናው ነገር ነው። ተራ ጥርት ያለ ባለ አንድ ቅጠል መስታወት ፊት ለፊት ሲታይ የሚመልሰው ብርሃን 8 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከተማችን ውስጥ የሚበዛው ሪፍሌክቲቭ የሚባለው ግን ሽፋን ስላለው 20፣ 30 ከመቶ ይመልሳል። እኔ 28 ያዝኩ። በጣም ጎን ለጎን ሲታይ ሁሉም ወደ መቶ ይጠጋል። ይህን የምሠራው እንዲህ ነው፦ `Layer Weight` አስገባና `Blend` 0.5 ላይ ትቼ `Facing` የሚለውን እወስዳለሁ። ወደ `Math` ልኬ `Power` 5 አደርገዋለሁ። ከዚያ `Map Range` ውስጥ `To Min` 0.28፣ `To Max` 1.0። የሚወጣው ወደ `Mix Shader` `Fac` ይገባል።

`Fresnel` የሚለውን ኖድ ለምን አልተጠቀምክም የሚል ይኖራል። ፓኔሎቼ ውፍረት የሌላቸው ነጠላ ገጾች ናቸው። `Fresnel` ከጀርባ ሲመጣ ስሌቱን ይገለብጠዋል፤ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚሄደው ብርሃን ጎን ለጎን ሲሆን ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። ክፍሉ እንደገና ይጨልማል። `Facing` ግን ከሁለቱም በኩል አንድ ነው።

ከዚህ በኋላ ከመስታወቱ ጀርባ ሕይወት ያስፈልጋል። ከነጸብራቁ የተረፈው 72 ከመቶ በመስታወቱ ቀለም ውስጥ አልፎ ክፍሉን ያሳያል። የወለል ንጣፍ፣ ኮርኒስ፣ ጥቂት የበሩ መብራቶች፣ አንዳንድ መስኮት ላይ በግማሽ የተሳበ መጋረጃ ይበቃል። ነጩ መጋረጃ ያለበት ቦታ ላይ ነጸብራቁ ይደበዝዛል፣ ጨለማው ክፍል ላይ ይደምቃል። የወለሉን ጠርዝ የሚሸፍነው አግድም መስታወት ግን ወደ ውስጥ አያሳይም፤ እዚያ ላይ በ`Transparent` ፋንታ ጥቁር `Diffuse BSDF` አስገቡ። ነጸብራቁ በየፎቁ አንድ ጊዜ ጠራ እያለ ይወጣል፤ እውነተኛ ሕንፃ ላይም እንደዚያው ነው።

ፓኔሎቹን ማጣላት

እስከ አሁን የሠራነው ትክክል ነው፣ ግን አሁንም አንድ ትልቅ መስታወት ይመስላል። ምክንያቱም ሁሉም ፓኔሎች ፍጹም በአንድ ልክ ቆመዋል። የሚገጥማቸው ሰው ነው፤ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ያዘነብላሉ። መስታወት በአንድ ዲግሪ ካዘነበለ ነጸብራቁ በሁለት ዲግሪ ይዞራል። ስለዚህ 0.3 ዲግሪ ብቻ ያዘነበለ ፓኔል 24 ሜትር ማዶ ያለውን ቤት 25 ሳንቲ ሜትር ያንቀሳቅሰዋል። ቅድም ሽቦውን ጨምሩ ያልኩት ለዚህ ነው። ሽቦው ከአንዱ ፓኔል ወደ ሌላው ሲያልፍ ይቆረጣል፣ ትንሽ ወጣ ወይም ወረድ ብሎ ይቀጥላል። ዓይን «መስታወት ነው» የሚለው ያንን ስብራት አይቶ ነው።

ሁለተኛው ነገር እብጠት ነው። ድርብ መስታወት በመካከሉ የታሸገ አየር አለው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቷ ከባሕር ወለል በሩብ ያህል ያንሳል። ዝቅ ያለ አገር ላይ የታሸገ መስታወት ሽቅብ ሲመጣ የውስጡ አየር ይገፋዋል፣ መካከሉ ወደ ውጭ ያብጣል። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል ልዩነቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። 1.5 ሜትር ወርድ ያለው ፓኔል መካከሉ 3 ሚሊ ሜትር ቢያብጥ ዳርና ዳሩ ላይ ነጸብራቁ አንድ ዲግሪ ያህል ይዞራል። በዓይን የማይታይ እብጠት ነው፣ ነጸብራቁ ላይ ግን ጎልቶ ይወጣል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ፓኔል ሥሩ፣ ፊቱ የራሱን `Y` የሚያይ። `Subdivide` አድርጉና መካከለኛውን ነጥብ `Proportional Editing` አብርታችሁ 0.003 ሜትር ወደ ውጭ ሳቡት። `Shade Smooth` አድርጉ። ሌሎቹን ሁሉ በ`Alt+D` ከሱ አባዙ፤ አንድ ሜሽ ይጋራሉ። `Apply Rotation` አታድርጉባቸው፣ ማዕከላቸውም በየፓኔሉ መካከል ይሁን። ከዚያ ሁሉንም መርጣችሁ ይህን አስኪዱ፦

```python
import bpy, random
from math import radians
random.seed(7)
for p in bpy.context.selected_objects:
    p.rotation_euler.x += radians(random.gauss(0, 0.15))
    p.rotation_euler.z += radians(random.gauss(0, 0.15))
    p.scale.y = random.uniform(0.2, 1.0)
```

ሁለቱ የመዞር መስመሮች ማዘንበሉን ይሰጣሉ። የመጨረሻው መስመር እብጠቱን ይለያያል፤ ፓኔሉ ውፍረት ስለሌለው `Y`ን ማሳነስ የሚቀንሰው እብጠቱን ብቻ ነው። መስታወታችሁ ባለ አንድ ቅጠል ከሆነ የሚታሸግ አየር የለም፤ ያን መስመርም እብጠቱንም ተዉት፣ ማዘንበሉ ብቻ ይቅር። ከማስኬዳችሁ በፊት ፋይሉን አስቀምጡ። ሁለቴ ካስኬዳችሁት ማዘንበሉ ይደመራል።

ቁጥሩን ማብዛት ያጓጓል። 0.15ን ወደ 1 ከፍ አድርጌ አይቻለሁ፤ ሕንፃው የዲስኮ ኳስ ሆነ። ጦሳ ቁርጥራጭ ሆኖ የትኛው የት እንደሆነ ጠፋ። መለኪያዬ ይህ ነው፦ የተራራው ጫፍ ከሩቅ ሲታይ አንድ መስመር ሆኖ መነበብ አለበት፣ ቀረብ ሲሉ ግን በየአልሙኒየሙ ላይ መሰበር አለበት።

ከላይ የሚታይ ምስል

ደንበኛ ሁሉ የወፍ እይታ ይጠይቃል። እዚህ ላይ እስከ አሁን የደከማችሁበት ሰማይ ከመስታወቱ ይጠፋል፤ ካሜራው ቁልቁል ሲያይ ነጸብራቁም ቁልቁል ይሄዳል። ካሜራዬን 40 ሜትር ከፍታ፣ ከመስታወቱ 60 ሜትር ላይ ሳቆም መካከለኛዎቹ ፎቆች ያሳዩት የማዶውን ግድግዳ ነበር። ላይኛዎቹ ደግሞ ከማዶው ረድፍ 40 ሜትር ገደማ ወደ ኋላ ያሉትን ጣሪያዎች። ሞዴል ካላደረጋችኋቸው የሚታየው ግራጫ ሜዳ ነው። ሁለት ሦስት ረድፍ ቆርቆሮ ጣሪያ በሳጥን ሠርታችሁ ጨምሩ፣ አንዳንዱ አዲስ የሚያብለጨልጭ፣ አንዳንዱ የዛገ። ደሴን ከላይ ያየ ሰው ያውቀዋል።

ስህተቱን ማወቂያ

ሬንደሩ ሲያልቅ ከጣሪያው ጠርዝ በላይ ያለውን እውነተኛ ሰማይና ከጠርዙ በታች መስታወቱ ላይ ያለውን ሰማይ አስተያዩ። መስታወቱ ላይ ያለው በግልጽ መጥቆር አለበት፤ ከሦስት አንድ ያህል ብርሃን ነው ያለው። እኩል ከደመቁ የድብልቁ ቁጥር በዝቷል ወይም ውስጡ ጨለማ ሆኖ ብርሃኑን በ`Exposure` አካክሳችኋል።

ነጸብራቅ ጨርሶ ከሌለ ወይም ካሜራው የሚያየውን ብቻ ከደገመ፣ የምትሠሩት በ`Eevee` ነው ማለት ነው። እሱ የሚያንጸባርቀው በአብዛኛው ስክሪኑ ላይ ያለውን ነው። ከካሜራው ጀርባ ያለ ቤትን አያውቀውም። ወደ `Cycles` ቀይሩ።

ከዚያ የሱቆቹን ጽሑፍ እዩ። መስታወቱ ላይ ፊደሉ ተገልብጦ መነበብ አለበት። በትክክል ከተነበበ አንድ ሰው ፎቶ ለጥፎበታል ማለት ነው።

ሁለተኛውን ምስል ይዤ ስሄድ ሐጂ መጀመሪያ ያዩት ጦሳን ነው። ዝም ብለው አዩት። ከዚያ አጎንብሰው ታች ያለውን የሱቅ ጽሑፍ ለማንበብ ሞከሩ። «ተገልብጧል» አሉ።

«መስታወት ነው እኮ ሐጂ፣ እንደዚያ ነው የሚያሳየው» አልኳቸው።

«አብሽር፣ እሱስ ልክ ነው።» ጣታቸውን አንደኛው ፎቅ ላይ፣ ሽቦው የተሰበረበት ፓኔል ላይ አደረጉ። «ይሄኛው ግን ጠሟል። ሲገጠም ሰዎቹን ንገራቸው፣ ያቅኑት።»